ከፓራቦላ ስር ያለን ቦታ ሴንትሮይድ በኢንተግራል ማግኘት፦ ያቺ ግማሽ ከየት መጣች?

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ካልኩለስ አስጠናለሁ። ሴንትሮይድ ማለት አንድ ቅርጽ ሚዛኑን ጠብቆ የሚያርፍበት ነጥብ ነው፤ x̄ ነጥቡ በአግድም ያለበት፣ ȳ ደግሞ በቁመት ያለበት ቦታ ነው። ሴንትሮይድ ላይ በደረስን ቁጥር አንድ ጥያቄ አይቀርልኝም። ፊት ለፊቴ ከተቀመጠው ተማሪ ካልመጣ ከቢቸና ወይም ከሞጣ በስልክ ይመጣል፦ «ቲቸር፣ የ x̄ ፎርሙላ ላይ ግማሽ የለም፣ የ ȳ ላይ ግን አለ። ከየት መጣች?» ባለፈው ሳምንት የደወለችልኝ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ሠርታ ȳ 3.2 እንደመጣባት፣ መልሱ ግን 1.6 እንደሆነ ነገረችኝ። ልክ እጥፉ ነው። ስህተቷን ሳላየው አውቄዋለሁ፤ እናንተም ይህን እስከ መጨረሻው ከሠራችሁ ታውቁታላችሁ።

አንድ ምሳሌ ብቻ ይዘን እንሄዳለን። ፓራቦላው y = 4 − x² ነው። የምንፈልገው ከሱ ስር፣ ከኤክስ አክሲስ በላይ፣ ከ x = 0 እስከ x = 2 ያለውን ቦታ ሴንትሮይድ ነው። ሙሉውን ቅስት ሳይሆን የቀኙን ግማሽ የመረጥኩት አውቄ ነው። ሙሉው ከግራም ከቀኝም እኩል ስለሆነ x̄ ያለ ሥራ ዜሮ ይሆንላችኋል፤ ግማሹ ግን ሁለቱንም ያሠራችኋል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የግራፍ ወረቀት፣ እርሳስና ማስመሪያ
- ጠፍጣፋ ካርቶን፣ ቢያንስ 12 በ 22 ሴንቲ ሜትር (ከሱቅ የብስኩት ካርቶን ብትለምኑ ይበቃል)
- ምላጭ ወይም መቀስ
- ስፒል፣ አንድ ክንድ ያህል ክር፣ ክሩ ጫፍ ላይ የሚታሰር ዳዶ
- ከቀድሞው ትምህርት፦ x² እና x⁴ን ኢንተግሬት ማድረግ፣ ክፍልፋይ መደመርና መቀነስ

ካርቶኑ ለመጨረሻው ማረጋገጫ ነው። ለፈተና ብቻ የምታጠኑ ከሆነ ልትዘሉት ትችላላችሁ፤ እኔ ግን አንድ ጊዜ እንድትሠሩት እመክራለሁ።

1. መጀመሪያ ሳሉ

አንዱን አሃድ 5 ሴንቲ ሜትር አድርጋችሁ ግራፍ ወረቀት ላይ ሳሉት። ነጥቦቹ እነዚህ ናቸው፦

```
x = 0     y = 4       (20 ሴ.ሜ)
x = 0.5   y = 3.75    (18.75 ሴ.ሜ)
x = 1     y = 3       (15 ሴ.ሜ)
x = 1.5   y = 1.75    (8.75 ሴ.ሜ)
x = 2     y = 0       (0)
```

ነጥቦቹን በማስመሪያ አታገናኙ፤ በእጅ ቀስ ብላችሁ አጉብጡት። መሳል የሚያስፈልገው ወሰኑን ለማየት ነው። ኩርባው ኤክስ አክሲስን የሚነካው x = 2 ላይ ነው። ሳይሳል የተሠራ ጥያቄ ላይ ተማሪው ሳያስበው እስከ 3 ድረስ ኢንተግሬት ሲያደርግ አይቻለሁ። ከ 2 ወዲያ ኩርባው ከአክሲሱ በታች ይወርድና ያ ክፍል በኔጌቲቭ ይቆጠራል፤ ስፋቱ 3 ብቻ ሆኖ ይመጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ የተበላሸ ነው።

2. መልሱ የት መሆን እንዳለበት ቀድማችሁ ገምቱ

ይህን ብዙዎች ይዘሉታል። ከሁሉም እርምጃ ደቂቃ የማይፈጀው እሱ ነው፣ ከሁሉም በላይ ስህተት የሚይዘውም እሱ ነው።

ቅርጻችን ወርዱ 2፣ ቁመቱ 4 በሆነ አራት ማዕዘን ውስጥ ይገባል። የአራት ማዕዘኑ ሴንትሮይድ መሀሉ ላይ፣ (1, 2) ነው። ፓራቦላው ከአራት ማዕዘኑ የላይኛውን የቀኝ ጥግ ቆርጦ ስለጣለው ሴንትሮይዱ ወደ ግራና ወደ ታች ይሸሻል። ስለዚህ x̄ ከ 1 ማነስ አለበት፣ ȳ ደግሞ ከ 2።

አሁን ደግሞ (0, 4)ን እና (2, 0)ን በቀጥታ መስመር አገናኙ። ከመስመሩ ስር ያለው ሶስት ማዕዘን ነው፤ የሶስት ማዕዘን ሴንትሮይድ ከቀጥ ማዕዘኑ ጥግ ሲሶ ላይ ስለሚውል (2/3, 4/3) ይሆናል። ፓራቦላው ከመስመሩ ውጭ ወደ ቀኝና ወደ ላይ ስለሚያብጥ ሴንትሮይዱን ከዚያ ነጥብ ወደ ቀኝና ወደ ላይ ይስበዋል። እንግዲህ መልሳችን በሁለቱ መካከል ታስሯል፦

```
0.67 < x̄ < 1
1.33 < ȳ < 2
```

ይህን ወረቀታችሁ ጥግ ላይ ጽፋችሁ ክበቡት። የደወለችልኝ ልጅ ይህን ብትጽፍ ኖሮ 3.2 ሲመጣባት ሌሊቱን አታነጋም ነበር።

3. አንዲት ቀጭን ቁራጭ ለይታችሁ አውጡ

ግራፉ ላይ x = 1 ጋ ወርዷ 0.1 የሆነች፣ ከታች እስከ ኩርባው የምትደርስ የቆመች ቁራጭ ሳሉ። ቁመቷ 3 ነው፤ ስለዚህ ስፋቷ 3 × 0.1 = 0.3 ይሆናል።

አሁን ሁለት ጥያቄ ጠይቋት። አንደኛ፣ ከዋይ አክሲስ ምን ያህል ትርቃለች? ቀጭን ስለሆነች ሁሉም ክፍሏ ከዋይ አክሲስ 1 ያህል ይርቃል። መልሱ 1 ነው፤ የሚከፋፈል ነገር የለም።

ሁለተኛ፣ ከኤክስ አክሲስ ምን ያህል ትርቃለች? እዚህ ላይ ቆም በሉ። የታችኛው ጫፏ አክሲሱ ላይ ተቀምጧል፣ ርቀቱ ዜሮ ነው። የላይኛው ጫፏ 3 ላይ ነው። «3 ትርቃለች» ካላችሁ መላ ቁራጯን ጫፏ ላይ ሰቀላችኋት ማለት ነው። ቁራጯ ራሷ ትንሽ አራት ማዕዘን ናት፤ የራሷ ሴንትሮይድ ቁመቷ መሀል ላይ፣ 1.5 ላይ ነው። ርቀቷ 1.5 ነው።

ያቺ ግማሽ ከዚህ መጣች። ሌላ ምስጢር የላትም። የቆመች ቁራጭ መሀል y/2 ላይ ስለሆነ ነው።

በቁጥር ስናስቀምጠው፣ ሞመንት ማለት ስፋት ሲባዛ በርቀት ነውና፦

```
ከዋይ አክሲስ፦  0.3 × 1   = 0.3
ከኤክስ አክሲስ፦ 0.3 × 1.5 = 0.45
```

ይህንኑ ለማንኛዋም ቁራጭ ስንጽፈው ወርዷ dx፣ ቁመቷ y፣ ስፋቷ y dx ይሆናል፦

```
ከዋይ አክሲስ፦  x · y dx
ከኤክስ አክሲስ፦ (y/2) · y dx = ½ y² dx
```

ስኩዌሩም ከዚሁ ነው የመጣው፤ አንዱ y ከስፋቷ፣ ሌላው y ከርቀቷ። ፎርሙላውን ከመሸምደድ ይልቅ ቁራጯን መሳል ይሻላል የምለው ለዚህ ነው። ፎርሙላ ፈተና ላይ ይጠፋል፣ ቁራጯ ግን ሁልጊዜ እርሳሳችሁ ጫፍ ላይ ናት።

4. ስፋቱን አስሉ

```
A = ∫₀² (4 − x²) dx
  = [4x − x³/3]₀²
  = 8 − 8/3 = 16/3
```

ስፋቱን የምንፈልገው መጨረሻ ላይ ልናካፍልበት ነው። አራት ማዕዘኑ 8፣ ሶስት ማዕዘኑ 4 ስለሆኑ 16/3፣ ማለትም 5.33፣ በመካከላቸው መውደቁን አይታችሁ እለፉ። ወደ አስርዮሽ አትቀይሩት፤ ክፍልፋዩ ኋላ ላይ በሚያምር ሁኔታ ይጣፋል።

5. የ x̄ ሞመንት

```
∫₀² x(4 − x²) dx = ∫₀² (4x − x³) dx
  = [2x² − x⁴/4]₀²
  = 8 − 4 = 4
```

x ወደ ቅንፉ ውስጥ ሲገባ ሁለቱንም ማባዛቱን አትርሱ። መጽሐፎች ይህን M_y ይሉታል፣ ትርጉሙም ከዋይ አክሲስ የተለካ ሞመንት ማለት ነው። ስሙ ላይ y ስላለ ȳ የሚሰጥ ይመስላል፤ የሚሰጠው ግን x̄ን ነው፤ ከዋይ አክሲስ ያለው ርቀት x ነዋ። ስሙ እንዳያምታታችሁ እኔ ራሴ «የ x̄ ሞመንት» እያልኩ ነው የማስጠናው።

6. የ ȳ ሞመንት

እጅ የሚበላሸው እዚህ ነው፣ ቀስ በሉ። መጀመሪያ ስኩዌሩን ለብቻው አውጡ፦

```
(4 − x²)² = 16 − 8x² + x⁴
```

መሀለኛው −8x² የሚረሳ ከሆነ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው። ከዚያ፦

```
½ ∫₀² (16 − 8x² + x⁴) dx
  = ½ [16x − 8x³/3 + x⁵/5]₀²
  = ½ (32 − 64/3 + 32/5)
  = ½ · (480 − 320 + 96)/15
  = ½ · 256/15 = 128/15
```

የጋራ ታህቱ 15 ነው። ½ን መጀመሪያ ላይ ከኢንተግራሉ ውጭ ጻፏት፣ በየመስመሩም ይዛችኋት ውረዱ። «መጨረሻ ላይ እጨምራታለሁ» ብሎ ያስቀመጣት ሰው መጨረሻ ላይ አያገኛትም።

7. አካፍሉ

```
x̄ = 4 ÷ 16/3 = 4 · 3/16 = 3/4
ȳ = 128/15 ÷ 16/3 = 128/15 · 3/16 = 8/5
```

ሴንትሮይዱ (0.75, 1.6) ላይ ነው። የከበባችሁትን ተመልከቱ፦ 0.75 ከ 0.67 እና ከ 1 መካከል ነው፤ 1.6 ከ 1.33 እና ከ 2 መካከል ነው። አልፏል።

የምናካፍለው ሞመንቱን ለስፋቱ ነው። ገልብጦ የሚያካፍል ሰው x̄ 4/3 ይመጣበታል፤ እሱም ከ 1 ስለሚበልጥ ወዲያው ይያዛል።

8. በተጋደመ ቁራጭ ደግማችሁ አረጋግጡ

½ ከቁራጯ መሀል መምጣቷን አሁንም ለተጠራጠረ፣ ይህ እርምጃ ነገሩን ይዘጋል። ቁራጯን አታቁሟት፤ አጋድሟት። አሁን ውፍረቷ dy ነው፣ ርዝመቷ ከዋይ አክሲስ እስከ ኩርባው ነው። y = 4 − x² ከሆነ x = √(4 − y)። የተጋደመች ቁራጭ ሁሉም ክፍሏ ከኤክስ አክሲስ እኩል y ይርቃል፤ ስለዚህ ለ ȳ ግማሽ አያስፈልግም፦

```
∫₀⁴ y √(4 − y) dy      u = 4 − y
  = ∫₀⁴ (4 − u) √u du
  = 64/3 − 64/5 = 128/15
```

ያው 128/15። ½ ሳትኖር ያንኑ ቁጥር አገኘን። ግማሿ የ ȳ ንብረት አይደለችም ማለት ነው፤ ቁራጩን በየትኛው በኩል እንደቆረጥነው የሚወስናት ናት። በተጋደመች ቁራጭ x̄ን ከፈለጋችሁ ደግሞ ½ ወደዚያ ትዞራለች፣ የቁራጯ መሀል x/2 ላይ ነውና።

9. ካርቶኑን ስቀሉት

ግራፉን ካርቶኑ ላይ ገልብጡና በምላጭ ቁረጡት። 5 ሴንቲ ሜትር አንድ አሃድ ስለሆነ ሴንትሮይዱ ከግራው ጠርዝ 3.75 ሴንቲ ሜትር፣ ከታችኛው ጠርዝ 8 ሴንቲ ሜትር ላይ መሆን አለበት። ነጥቧን አሁን አታድርጉ፤ ዓይናችሁ ክሩን ወደ ነጥቧ እንዳይጎትተው።

ጠርዙ አካባቢ፣ ተራርቀው፣ ሦስት ቀዳዳ ብሱ። ስፒሉን በአንዱ ቀዳዳ አሳልፋችሁ ግድግዳ ላይ ወይም በር ላይ ትከሉት፤ ካርቶኑ ወዲያ ወዲህ ተወዛውዞ በራሱ ይቁም። ከዚያ ዳዶ የታሰረበትን ክር እዚያው ስፒል ላይ አንጠልጥሉ፤ ግንበኛ ቱንቢ እንደሚጥለው ማለት ነው። ክሩ የወረደበትን መስመር በእርሳስ አስምሩ። በሌሎቹ ሁለት ቀዳዳዎችም ድገሙት። የተሰቀለ ነገር ሲረጋ የስበት ማዕከሉ ከተሰቀለበት በቀጥታ ስር ስለሚውል፣ ሦስቱ መስመሮች የሚገናኙበት እሱ ነው፤ ውፍረቱ እኩል በሆነ ካርቶን ላይ ደግሞ የስበት ማዕከሉና ሴንትሮይዱ አንድ ነጥብ ናቸው።

ሁለት መስመር ብቻ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ይገናኛል፣ ቢሳሳትም እንኳ። ሦስተኛው ነው የሚመሰክረው። ሦስቱ መስመሮች በመሀላቸው ጥቂት ሚሊ ሜትር የሆነች ትንሽ ሶስት ማዕዘን ቢተዉ ችግር የለም፤ ጣት የምታክል ከሆነች ግን ቀዳዳው ጠቦ ካርቶኑ እንደ ልቡ አልተወዛወዘም ማለት ነው።

ጥንቃቄ። ምላጩን ከታች ጣውላ አድርጋችሁ፣ ወደ ራሳችሁ ሳይሆን ወደ ጎን ሳቡት። ቀዳዳው ከስፒሉ ትንሽ ይስፋ። ፕላስተር ወይም ማስታወቂያ የተለጠፈበትን የካርቶን ክፍል አትጠቀሙ፤ ኢንተግራላችን ውፍረቱ በሁሉም ቦታ እኩል እንደሆነ አድርጎ ነው የቆጠረው፤ አንድ በኩል ከከበደ የስበት ማዕከሉ ወደዚያ ይሄዳል፣ ስሌቱ ግን አያውቅም። በር ዝጉ። እኔ አንድ ጊዜ ደጅ በረንዳ ላይ ላሳይ ብዬ የማርቆስ ነፋስ ክሩን አላስቆም ብሎኝ ተማሪ ፊት አፍሬ ገብቻለሁ። በክረምት ደግሞ እርጥበት የጠጣ ካርቶን ስለሚጣመም ደረቅ ፈልጉ።

ቁጥሩ ስህተታችሁን ሲነግራችሁ

ለዚህ ምሳሌ የተሳሳተ መልስ ራሱ የት እንደተሳሳታችሁ ይናገራል።

ȳ = 3.2 ከመጣ ½ ተረስታለች። ȳ = 2.4 ከመጣ ስኩዌሩን 16 − x⁴ ብላችሁታል። 3.6 ከመጣ ደግሞ 16 + x⁴ ብላችሁታል፤ ሁለቱም ላይ መሀለኛው ወድቋል። እነዚህ ሦስቱ ከ 2 ስለሚበልጡ በእርምጃ 2 ይያዛሉ።

ተንኮለኛው ȳ = 0.8 ነው። ከ 2 ስለሚያንስ «ልክ ነው» ተብሎ ያልፋል፤ የሚይዘው 1.33 የሚለው የታችኛው ወሰን ብቻ ነው። የሚመጣው ሞመንቱን ከ 0 እስከ 2፣ ስፋቱን ግን ከ −2 እስከ 2 ስታሰሉ ነው። ስፋቱ 32/3 ይሆንና መልሱ ይገመሳል። ሁለቱም ኢንተግራል ላይ ወሰኑ አንድ ይሁን። በነገራችን ላይ ሁለቱንም ከ −2 እስከ 2 ብታደርጉ ȳ ያው 1.6 ነው፤ ሁለቱ ግማሾች ሴንትሮይዳቸው እኩል ከፍታ ላይ ነውና።

ሠንጠረዥ የምትጠቀሙ ከሆነ

ወርዱ a፣ ቁመቱ h ለሆነ እንዲህ ላለ ግማሽ ቅስት x̄ = 3a/8፣ ȳ = 2h/5 ነው። a = 2 እና h = 4 አስገቡ፣ 0.75 እና 1.6 ይወጣል። የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ይህን ከመጽሐፍ ጀርባ ያነሱትና y = x² ስር ላለው ቦታ ይጠቀሙበታል። ያ ሌላ ቅርጽ ነው። y = x² ከ 0 እስከ 2 ሲሆን ኩርባው ከታች ቀጥኖ ወደ ቀኝ ይወፍራል፤ ስፋቱ 8/3፣ x̄ = 3a/4 = 1.5፣ ȳ = 3h/10 = 1.2 ነው።

ሁለቱ ቅርጾች አብረው አራት ማዕዘኑን ይሞላሉ። የኛን ቅርጽ ከላይ ወደ ታች ብትገለብጡት ከ y = x² በላይ፣ ከ y = 4 በታች ያለውን ቦታ ልክ ይሆነዋል። x̄ በመገልበጥ ስለማይለወጥ ሞመንታቸውን ደምሩ፦

```
16/3 · 3/4 + 8/3 · 3/2 = 4 + 4 = 8
```

የአራት ማዕዘኑ ስፋት 8፣ x̄ 1፣ ሞመንቱ 8። ሠንጠረዡን ከመጠቀማችሁ በፊት ይህን አንድ መስመር ብትሠሩ የትኛውን ረድፍ ማንበብ እንዳለባችሁ ታውቃላችሁ።